በስፌቱ ውስጥ የቀረው ጨርቅ

አያቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ባቲ ላይ ልብስ ሲሰፉ ኖረዋል። ባቲ በሰኞ ገበያዋ የምትታወቅ ከተማ ናት፤ አፋሩ ከቆላው ግመሉን እየነዳ፣ ገበሬው ከደጋው እህሉን በአህያ ጭኖ እየመጣ እዚያ ይገናኛሉ። እኔ ስፌትን የተማርኩት ኮምቦልቻ፣ በኤሌክትሪክ መኪናና በወረቀት ንድፍ ነው። ደሴ ላይ ሱቅ ልከፍት ስነሣ ምክር ፍለጋ ወደ እሳቸው ሄድኩ። እሳቸው ግን ምክር መስጠት አይወዱም፤ ስለ ልብስ ነው የሚያወሩት። የቱ ቀሚስ ለማን እንደተሰፋ፣ ስንት ክንድ እንደፈጀ፣ መጀመሪያ የቱ ጋ እንዳረጀ ያስታውሳሉ። ከጨዋታችን መካከል ለሙያው ሰውም ሆነ ለለባሹ ይጠቅማል ያልኩትን እዚህ አስፍሬዋለሁ።

እኔ፦ እማማ፣ በራስዎ እጅ መጀመሪያ የሰፉት ልብስ ትዝ ይልዎታል?

አያቴ፦ እንዴት ይጠፋኛል! የአቡጀዲ እጀጠባብ ነው። የአያትሽ መኪና፣ አላህ ይማራቸውና፣ በዐረቡ ሱቅ በረንዳ ላይ ነበር። ያኔ ጨርቅ ሻጩ ከውስጥ፣ ሰፊው ከበረንዳው ነው የሚቀመጠው። ገበሬው ጨርቁን ገዝቶ ሲወጣ እዚያው ይለካል። እኔ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጠርዝ እዘመዝማለሁ፣ የካውያውን ከሰል አቀጣጥላለሁ። መኪናውን ግን ማታ ማታ፣ እሳቸው ሲነሡ፣ በቁርጥራጭ ጨርቅ ለምጄው ነበር። አንድ ሰኞ አያትሽን ወባ ጣላቸው። አንድ የደጋ ሰው ጨርቁን ታቅፎ ቆሟል። አገሩ ሩቅ ነው፤ በዚያ ቀን ካልተሰፋለት የሚመለሰው በሳምንቱ ነው። «ስጠኝ፣ እኔ እሰፋልሃለሁ» አልኩት።

እኔ፦ እሺ አለ?

አያቴ፦ ቢቸግረው ነው እሺ ያለው። ጨርቁን ተቀብዬ በባልዲ ውሃ ውስጥ ስነክረው ግን ጮኸ። «አዲስ ጨርቄን አበላሸሽብኝ!» ብሎ ሰው ሰበሰበብኝ።

እኔ፦ ከመቁረጥ በፊት ማጠብዎ ነው?

አያቴ፦ ማጠብ አይደለም፤ ውሃ ማስነካት ነው። አቡጀዲ ከፋብሪካ ሲመጣ ስታርች ጠጥቶ፣ ተወጥሮ ነው። ሁለቱን ጫፍ ይዘሽ ብታሺው ነጭ ዱቄት ይረግፋል። ያንን ያየሽ እንደሆነ ጨርቁ ሲታጠብ እንደሚገባ ዕወቂ። ውሃ ሳይነካ የተቆረጠ ልብስ ባለቤቱ ወንዝ ወርዶ ሲያጥበው እጅጌው ወደ ክርኑ ይወጣል። የባቲ ፀሐይ ደግሞ የተባረከች ናት፤ አስጥቼው ሳይቆይ ደረቀልኝ፣ ተኮስኩት፣ ቆረጥኩት። አመሻሹ ላይ ለብሶት ሄደ። እየተነጫነጨ ነው የሄደው። በኋላ ግን ወንድሙን ይዞልኝ መጣ።

እኔ፦ ዛሬ ብዙ ሰፊ ይህን አያደርግም። «ጊዜ የለም» ይላሉ።

አያቴ፦ የገበያ ቀን ሰፊ ምንጊዜም ጊዜ የለውም። ጠዋት ለክተሽ ማታ ታስረክቢያለሽ፤ በመሃል ስንት ሰው ይመጣል። ግን አቡጀዲ ከሆነ ጠዋት የመጣውን ሁሉ መጀመሪያ ውሃ ታስነኪያለሽ፤ እሱ ሲደርቅ ሌላውን ትቆርጫለሽ። ጊዜ የሚጠፋው ቅደም ተከተሉን ያላወቀ ሰው ጋ ነው።

እኔ፦ ያኔ ፊደል አልቆጠሩም ነበር። የዚያን ሁሉ ሰው ልኬት በምን ይይዙት ነበር?

አያቴ፦ በገመድ። ለአንድ ደንበኛ አንድ ቀጭን ገመድ። ሁሉም የሚለካው ከአንዱ ጫፍ ተነሥቶ ነው። መጀመሪያ የምታገኚው ቋጠሮ ትከሻ ነው፤ ቀጥሎ እጅጌ፤ ከዚያ ደረት። የልብሱን ቁመት ድርብ ቋጠሮ አደርግለታለሁ፣ ምክንያቱም አንዱ አጭር፣ አንዱ እስከ ጉልበት የሚደርስ እጀጠባብ ነው የሚፈልገው፤ ቦታው አይታወቅም። የማን ገመድ እንደሆነ ደግሞ ከራሱ ልብስ የተረፈች ቁራጭ ጨርቅ ጫፉ ላይ እቋጥርበታለሁ። ጨርቁን ሳየው ሰውየው ትዝ ይለኛል። ገመዶቹን በቆርቆሮ ጣሳ ነበር የማስቀምጣቸው።

እኔ፦ ደብተር የጀመሩትስ?

አያቴ፦ በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ። ማታ ማታ እየሄድኩ ተማርኩ። ሌላው ሰው መጀመሪያ ስሙን ሲጽፍ እኔ ቁጥሩን ነው የተጣደፍኩት። ያው ሜትሩ ላይ ያለውን ማንበብ እፈልጋለኋ! ለካ ደብተር ገመድ የማይሰጠው አንድ ነገር አለው። ገመድ ሰውየው ሲወፍር ቋጠሮውን ፈትተሽ ታዛውሪዋለሽ፤ የድሮው ይጠፋል። ደብተር ላይ ግን የአምናውም የዘንድሮውም ጎን ለጎን ተቀምጧል። በሦስት ዓመት ስንት ጣት እንደሰፋ ካየሽ በሚመጣው ዓመት ስንት እንደሚሰፋ ታውቂያለሽ። ያኔ ነው በስፌት ውስጥ ስንት ጨርቅ መተው እንዳለብኝ በቁጥር የገባኝ።

እኔ፦ በትምህርት ቤት እኛ አንድ ሳንቲ ተኩል ነው የተማርነው። ለሁሉም ልብስ አንድ ነው።

አያቴ፦ ለማን ነው የምትሰፊው? ያንን ሳታውቂ ስንት እንደምትተዪ እንዴት ታውቂያለሽ? የጥሎሽ ቀሚስ ሰፍተሽ ታውቂያለሽ?

እኔ፦ የለም።

አያቴ፦ እንግዲህ እሱን ልንገርሽ። የጥሎሽ ልብስ የሚያሰፋው የወንዱ ወገን ነው። ሙሽሪት አትመጣም። ጨርቁን ይዛልሽ የምትመጣው የልጁ እናት ናት፤ ከእሷም ጋር አክስቲቱ። ልጅቷን አንዴ ነው ያዩዋት፤ እሱንም ነጠላ ለብሳ፣ አንገቷን ደፍታ። «ቁመቷ ስንት ነው?» ስትያቸው አንዷ «የኔን ትከሻ ታክላለች» ትላለች፣ ሌላዋ «ኧረ ትበልጥሻለች» ትላለች። አንድ ሰኞ እንደዚህ ሲከራከሩብኝ ቆይተው፣ ከገበያው አንዲት ኮረዳ እጇን ይዘው አመጡና «ይህችን ለኪያት፣ ቁርጥ እሷን ናት» አሉኝ። ልጅቷ ጤፍ ልትሸጥ የመጣች ናት፤ የማታውቀው ሙሽራ ልኬት ሆና ቆመችልኝ።

እኔ፦ ታዲያ በዚያ ተማምነው ቆረጡት?

አያቴ፦ በዚያ ተማምኖ የሚቆርጥ ሰፊ የለም። ጨርቁ ደግሞ ውድ ነበር፤ አበባ ያለበት ቀይ ፖፕሊን። እንዲህ ነው ያደረግሁት። ጎንና ጎኑን በየወገኑ አራት አራት ጣት ወደ ውስጥ ተውኩ። ጠርዙን አንድ ስንዝር አጠፍኩት። ወገቡን ሽንሽን አደረግሁት፤ ሽንሽን ሲሆን ክሩን ፈትተሽ ታላላዋለሽ፣ ታጠብቂዋለሽ። ብብቱ ሥር አራት ማዕዘን ቁራጭ አስገባሁበት፤ እሱ ከሌለ እጇን ስታነሣ ቀሚሱ በሙሉ አብሮ ይነሣል፣ ጠበብ ያለ እንደሆነ ደግሞ መጀመሪያ የሚቀደደው እዚያ ነው። አንገቱን ግን ጠባብ አድርጌ ነው የቆረጥኩት።

እኔ፦ ለምን ጠባብ? ሌላውን ሁሉ አስፍተው?

አያቴ፦ አንገት በተቃራኒው ነው። ጎን ከጠበበ ትፈቺዋለሽ። አንገት አንዴ ከሰፋ ግን የቆረጥሽውን ጨርቅ መልሰሽ አትቀጥዪውም፤ ቀሚሱ ከትከሻዋ ሲንሸራተትባት ይኖራል። ስለዚህ አንገት ላይ ሁልጊዜ ያነሰ ነው የሚቆረጠው፤ ስትለብሰው አይተሽ ትጨምሪያለሽ። አንቺም ሱቅ ስትከፍቺ ሠራተኛ ብትቀጥሪ የአንገቱን መቀስ ለማንም እንዳትሰጪ።

እኔ፦ ክሩስ? የሚፈታ ከሆነ...

አያቴ፦ ጎኑን ሁለቴ ነው የሰፋሁት። የዛሬውን መስመር በረጅም እርምጃ፤ ከእሱ ውጭ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ እንዳይተረተር ዘምዘም። ረጅም እርምጃ ስትስቢው ይመጣል፣ በጨርቁ ላይ ጠባሳ አይተውም። በደቃቁ የሰፋሽው እንደሆነ ግን መርፌው ጨርቁን ይበሳሳዋል፤ ብትፈቺውም የቀዳዳው መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ክሩ ደግሞ ከጨርቁ የበለጠ ጠንካራ መሆን የለበትም። ይህንን ናይለን ክር ሲመጣ ነው ሰው የረሳው። ልብስ ሲወጠር አንዱ መበጠሱ አይቀርም። ክሩ ከተበጠሰ መልሰሽ ትሰፊዋለሽ። ክሩ አልበጠስ ብሎ ጨርቁን ከቆረጠው ግን ልብሱ አለቀለት።

እኔ፦ ቀሚሱ መጨረሻ ላይ ለሙሽሪት ልክ ሆነላት?

አያቴ፦ ከሠርጉ በኋላ ራሷ መጣች። ጤፍ ሻጯን አትመስልም፤ እሷ ቀጭን፣ መለሎ። ጠርዙን አንድ ሦስት ጣት ለቀቅሁላት፣ ሽንሽኑን ሰበሰብሁላት። የጎኑን አልነካሁትም። አማቷ «ገና ትወፍራለች፤ ትወልዳለች፤ ተዪው» አለች። እኔም ተውኩት። ሴቶቹ ወደ እኔ የሚመጡት ለዚህም ነበር። ወንድ ሰፊ ሴትን የሚለካው ከነነጠላዋ፣ ሳይነካት፣ በግምት ነው። የእስላሟም የክርስቲያኗም ባል ከዚያ ሌላ አይወድም። እኔ ግን ከጓዳ አስገብቼ በደንብ እለካታለሁ። ያረገዘችውን ከእናቷ በፊት አውቅ ነበር። ለማንም ትንፍሽ አልልም፤ ወገቡን ከፍ አድርጌ ከደረቷ በታች እሸነሽንላታለሁ፣ አበቃ።

እኔ፦ ወንዶችስ? ለወንድ የሰፉት ልብስ አልነበረም?

አያቴ፦ ሞልቶ! የአፋሮቹ ብዙ ስፌት የለውም፤ ሽርጡን ጫፍና ጫፉን መዘምዘም ነው። ለደጋው ገበሬ እጀጠባብና ተነፋነፍ፤ በሬ ሸጦ ለሚመለሰው ደግሞ ከወገቡ በስተውስጥ ድርብ ጨርቅ ያለው ስውር ኪስ። ኪስ አውላቂ በምላጭ ሲቀድ የላይኛውን ብቻ ይቀዳል፤ ብሩ ከድርቡ ሥር ይቀራል። የወንድ ልብስ ካልሽኝ ግን እኔ የምኮራበት የመምህሩ ኮት ነው።

እኔ፦ የቱ መምህር?

አያቴ፦ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ነበር። አንድ ኮት ነው ያለው፣ ግራጫ፣ ሱፍ፣ አስመራ የተሰፋ። ኮሌታው ተበልቷል፣ የእጅጌው አፍ ተላጭቷል፣ ጀርባው በፀሐይ ወይቧል። አዲስ ማሰፋት ከደመወዙ በላይ ነው። «ገልብጪልኝ» አለኝ።

እኔ፦ መገልበጥ ማለት ኮሌታውን?

አያቴ፦ ኮሌታ መገልበጥ የሸሚዝ ነው፤ እሱ ቀላል ነው። ኮት መገልበጥ ሲባል ሙሉውን ነው፤ ፈትተሽ፣ የውስጡን ወደ ውጭ አድርገሽ እንደ አዲስ መስፋት። መጀመሪያ ይገለበጣል ወይ የሚለውን ማየት አለብሽ። ገበሩን ከአንድ ቦታ ፈትቼ የጨርቁን የውስጥ ፊት አየሁት። ሽመናው በሁለቱም ፊት አንድ ዓይነት ከሆነ ይገለበጣል። ገበርዲን ግን አይሆንም፤ ፊቱ ሰያፍ መስመር አለው፣ ጀርባው ለስላሳ ነው፤ የገለበጥሽው ዕለት ሰው ሁሉ ያውቃል። ቀጥሎ ክርኑን ወደ ፀሐይ አነሣሁት። ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ሳስቷል፤ ድካምሽ ከንቱ ነው፣ በሁለት ወሩ ይቀደዳል። የሱ ደህና ነበር።

እኔ፦ ከዚያስ?

አያቴ፦ መፍታት። በምላጭ፣ ክሩን ብቻ እየቆረጥሽ፣ ጨርቁን ሳትነኪ። ሥራው ግማሹ እዚያ ላይ ነው። ከየስፌቱ ውስጥ የተጠራቀመውን አቧራና ጭረት በብሩሽ ታራግፊያለሽ፣ በእርጥብ ጨርቅ ላይ ትተኩሻለሽ። የድሮው የስፌት መስመር ካውያ ሲያርፍበት ይጠፋል፤ ሱፍ ለዚህ ጥሩ ነው። ከዚያ ሁለት ችግር ይመጣል። ኮቱ ሲገለበጥ ግራው ቀኝ ይሆናል። የደረት ኪሱ በግራ የነበረው ወደ ቀኝ ይዞራል። የቁልፍ ቀዳዳው በግራ የነበረው ወደ ቀኝ ይዞርና ኮቱ እንደ ሴት ልብስ ነው የሚቆለፈው። የተገለበጠ ኮት የሚታወቀው በዚህ ነው፤ መንገድ ላይ የደረት ኪሱ በቀኝ የሆነ ሰው ካየሽ ኮቱ ተገልብጧል።

እኔ፦ ታዲያ እርስዎ እንዴት አደረጉት?

አያቴ፦ ብዙ ሰፊ እንደዚያው ይተወዋል። መምህሩ ግን ተማሪ ፊት የሚቆም ሰው ነው። እነዚያ ልጆች ደግሞ ምን ያልፋቸዋል! የኪሱን አፍና የቁልፍ ቀዳዳዎቹን ልደፍናቸው ቆረጥኩ። በምን ትደፍኚዋለሽ? ከገበያ የገዛሽው ክር ቀለሙ አይገጥምም። ክሩን ያገኘሁት ከራሱ ከኮቱ ነው። አስመራ ላይ የሰፋው ሰው፣ ማን እንደሆነ አላውቅም፣ በጀርባው ስፌት ውስጥ ሦስት ጣት ሙሉ ጨርቅ ትቶ ነበር። ከዚያ ላይ ክር በክር እየመዘዝኩ፣ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያሳለፍኩ፣ እንደተሸመነው መልሼ ሸመንኩት። ቀስ ብሎ የሚሄድ ሥራ ነው፤ በቀን ብርሃን እንጂ በኩራዝ አይሠራም። በግራው አዲስ ቀዳዳ ቀደድኩ፣ አዲስ ኪስ አወጣሁ። ሰውየው ሲለብሰው ደረቱን ደጋግሞ ዳበሰው፤ የድሮውን ኪስ ቦታ ፈልጎ አጣው።

እኔ፦ ያኛው ሰፊ ጨርቁን ባይተወው ኖሮ?

አያቴ፦ ኪሱ በቀኝ ይቀር ነበራ። እኔ ያንን ሰው አይቼው አላውቅም፤ ግን ለኔ ብሎ እንዳስቀመጠልኝ ነው የቆጠርኩት። እኔም ከዚያ ወዲያ የሰፋሁትን ሁሉ ሌላ ሰፊ እንደሚፈታው እያሰብኩ ነው የሰፋሁት።

(እዚህ ላይ ስለ 77 ልጠይቃቸው ፈራሁ። ባቲ ያኔ ከኮረም ጋር ስሟ በዓለም የተጠራው በትልቅ የረሃብ መጠለያዋ ነው። እሳቸው ራሳቸው አነሡት።)

አያቴ፦ በ77 ሥራ አልፈታሁም ብልሽ ትገረሚያለሽ። ሥራው ግን ስፌት አልነበረም። አቡጀዲ እንደዚያ ዓመት ተሸጦ አያውቅም። ሰው በየቀኑ ይሞታል፤ ለከፈን ነው። ከፈን ደግሞ አይሰፋም፤ ለወንድ ሦስት፣ ለሴት አምስት ቁራጭ ነው፣ በቃ። የኔ ድርሻ መቁረጥ ብቻ ሆነ። ጨርቁ ሲያንስ ለሁሉም አንዳንድ ሆነ። መለካትም ቀረ፤ ትልቅ፣ መካከለኛ፣ ሕፃን፤ እንደዚያ አድርጌ አስቀድሜ እየቆረጥኩ አስቀምጥ ነበር። ውሃም አላስነካም። ምን ያደርግለታል?

እኔ፦ ...

አያቴ፦ ገበያው ሰኞ ሰኞ ይቆማል፤ ግን ሰው የሚሸጠው ሌላ ሆነ። መጀመሪያ ከብቱን ሸጠ፣ ከዚያ ማረሻውን፣ ከዚያ የቤቱን ዕቃ፣ መጨረሻ ላይ የለበሰውን። መሬት ላይ ተዘርግቶ ያለው ልብስ እኔ የሰፋሁት ነው። ዘምዘሜን አውቀዋለሁ። አንድ ቀን ሳልፍ ያቺን ቀይ ፖፕሊን አየኋት።

እኔ፦ የጥሎሿን ቀሚስ?

አያቴ፦ እሷው ናት። የሚሸጠው ነጋዴ ነው፤ ከማን እንደገዛው አያውቅም፣ ከብዙ ሰው ነው የገዛው። አንሥቼ ገለበጥኳት። ብብቷ ታጥቦ ነጥቷል፣ ጠርዟ እኔ እንደለቀቅሁት ነው። ጎኗን ሳይ አራቱ ጣት እንደታጠፈ አለ። መስመሩ አልተነካም። አማቷ ትወፍራለች ያለቻት ልጅ ያንን ጨርቅ አላስፈለጋትም።

እኔ፦ ገዟት?

አያቴ፦ ገዛኋት። ባለቤቷ ከመጣች ብዬ ለጥቂት ጊዜ ሰቅዬ አቆየኋት። አልመጣችም። ስሟን እንኳ አላውቀውም፤ ገመዱ ላይ ያለው የጤፍ ሻጯ ልኬት ነው። ኋላ ፈታኋት። ሽንሽኑ ሲፈታ ብዙ ጨርቅ ነው፤ ከጎኑና ከጠርዙ ከተተወው ጋር ሁለት የሕፃን ቀሚስና አንድ ኮፍያ ወጣው። መጠለያው ውስጥ ለነበሩ ልጆች ሰጠሁ። ከጎኑ የወጣው አራት ጣት ቀለሙ አልለቀቀም ነበር፤ ለኮሌታ አደረግሁት። በይ ወደ ሌላ እንሂድ።

እኔ፦ እሺ። ዩኒፎርም እንግዲህ፤ እኔ ደሴ ላይ ዋናው ሥራዬ እሱ ነው የሚሆነው።

አያቴ፦ ዩኒፎርም ደግ ነው። ዩኒፎርም የሚሰፋው ለምታድግ ልጅ ነው፤ እናቷም በየዓመቱ ማሰፋት እንደማትችል ታውቂያለሽ። ልጅ በዓመት አምስት ስድስት ሳንቲ ታድጋለች እንበል። እሱ ሁሉ ቀሚሱ ላይ አይደርስም፤ እግሯም ነው የሚረዝመው፣ አንገቷም። ቀሚሱ ላይ የሚደርሰው ግማሹ ነው። ስለዚህ ስድስት ሳንቲ የሚውጥ አንድ እጥፋት ሁለት ዓመት ይይዝልሻል።

እኔ፦ እጥፋቱ የት ላይ ነው የሚሆነው?

አያቴ፦ ከጠርዙ በላይ፣ በአግድም፣ በዙሪያው። ሁለት እጥፋት አደርጋለሁ፤ ጌጥ ነው የሚመስለው። ጠርዙን ደግሞ ሰፋ አድርጌ አጥፈዋለሁ። ሁሉም ተደምሮ ባንድ ጎን ሃያ ሳንቲ፣ ለፊትና ለኋላው አርባ ሳንቲ ጨርቅ ነው የሚጨምረው። ለእናቲቱ ሂሳቡን ቁጭ አድርገሽ ንገሪያት፤ የአርባ ሳንቲ ዋጋና የአዲስ ቀሚስ ዋጋ። እምቢ ያለችኝ አላጋጠመችኝም።

እኔ፦ ሲፈታ ግን ያ የታጠፈው ይጠቁርና ይታያል። ሌላው በፀሐይ ነጥቷል።

አያቴ፦ ይታያል። በሰማያዊ ጨርቅ ላይማ በደንብ ነው የሚታየው። ሦስት እህትማማቾች ነበሩ፤ ቀሚሱ ከትልቋ ወደ ታናሿ እየወረደ፣ እየታጠፈ፣ እየተፈታ፣ መጨረሻዋ ጋ ሲደርስ ሦስት ዓይነት ሰማያዊ ሆኖ ነበር። ትንሿ ልጅ አለቀሰች፤ «ይስቁብኛል» አለች። በመስመሮቹ ላይ ቀጭን ነጭ ጥብጣብ ዙሪያውን አሳለፍኩበት። ትምህርት ቤት ስትሄድ ሌሎቹ ልጆች «እኛም እንደሷ» ብለው መጡ። ዘዴው ይኸው ነው፤ መስመሩን መደበቅ አይቻልም፣ ላዩ ላይ ሌላ ነገር ታሳልፊበታለሽ።

እኔ፦ አሁን ገበያውን የያዘው ዝግጁ ልብስና ቦንዳ ነው። ሰዉ ወደ ሰፊ የሚመጣው ለማስጠበብ ብቻ ነው።

አያቴ፦ አዎ። ያመጡልኛል፤ «አስፊልኝ» ሲሉኝ ግን እጄን ያስረኛል። ገልብጬ ሳየው ውስጡ ባዶ ነው።

(ይህን እኔም አውቀዋለሁ። የፋብሪካው የመዘምዘሚያ መኪና ቢላ አለው፤ እየዘመዘመ የተረፈውን ጨርቅ ቆርጦ ይጥለዋል። ከስፌቱ ውጭ የሚቀረው ከአንድ ሳንቲ ያነሰ ነው። ብዙ ሺህ ልብስ በአንዴ ሲሰፋ ከየልብሱ የሚቆጠበው ጥቂት ጨርቅ ለፋብሪካው ትልቅ ትርፍ ነው። ለለባሹ ግን ልጁ ባደገ ዕለት ልብሱ ያበቃል ማለት ነው። የድሮ ቦንዳ ኮቶች ይሻላሉ፤ አንዳንዶቹ ጀርባቸው ውስጥ አሁንም ሁለት ጣት ጨርቅ አላቸው።)

እኔ፦ እኔም እንዲህ ያለውን መኪና ነው የገዛሁት፣ እማማ።

አያቴ፦ መኪናው ምን አደረገሽ? ቢላውን አውልቂው። አይወልቅም?

እኔ፦ ይወልቃል። ወይም ጫፉን ብቻ እንዲነካ አርቄ እሰፋለሁ፤ የጎኑን ስፌት ለብቻው፣ ወደ ውስጥ ገባ አድርጌ።

አያቴ፦ እንግዲያስ ምን ትጠይቂኛለሽ? ጎኑን ሦስት ጣት፣ ጠርዙን አንድ ስንዝር፣ አንገቱን ጠባብ። ሂሳቡን ለእናቶቹ ንገሪ። ደብተርም ያዢ።

አሁን አያቴ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቷቸዋል፤ መኪናቸውን ሸፍነው አስቀምጠውታል። እኔ ደሴ ላይ የምሰፋው ዩኒፎርም ሁሉ ሁለት እጥፋትና ሰፊ ጠርዝ አለው፤ ሲያስፈልግ የምፈታውም ያለ ክፍያ ነው። ልጆቻችሁን ለመስከረም የምታለብሱ እናቶችና አባቶች፦ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ልብሱን ገልብጡና ጠርዙንና የጎኑን ስፌት በጣታችሁ ለኩ። ሁለት ጣት ጨርቅ ከሌለው አትግዙት።